ከአንዱ ፎቶ የተጨፈነ፣ ከሌላው የተገለጠ

በመልስ ቀን አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል። ሙሽሮቹ አምረዋል፤ መሐል የተቀመጡት የሙሽራዋ ሴት አያት ግን ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ደግነቱ ፎቶ አንሺው ደጋግሞ አንሥቷል፤ በአንደኛው ላይ አያት ዐይናቸውን ገልጠዋል፣ እዚያ ደግሞ ሙሽራው ዞሯል። የአያትን ዐይን ከዚያኛው ወስዶ እዚህኛው ላይ ማሳረፍ ይቻላል።

በፎቶሾፕ ሲሠራ፣ ከሁለተኛው ፎቶ የአያት ጭንቅላት በሰፊው ተከቦ ይቀዳና በመጀመሪያው ፎቶ ላይ እንደ አዲስ ሌየር ይለጠፋል። የላይኛው ሌየር ኦፓሲቲ ወደ 50 ከመቶ ሲወርድ ሁለቱም ፊቶች ተደራርበው ይታያሉ። ከዚያ Ctrl+T ተጭኖ የላይኛውን እያንቀሳቀሱ፣ ሲያስፈልግም በትንሹ እያዞሩ ማገጣጠም ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሽፋሽፍትን ከሽፋሽፍት ለማግጠም ይታገላል። ሽፋሽፍት ግን ዐይን ሲከደን ይወርዳል። መለኪያ መሆን ያለበት የማይንቀሳቀሰው ነው፤ የአፍንጫ ድልድይ፣ የዐይን ውስጠኛ ጥግ፣ ጆሮ።

ከገጠመ በኋላ ኦፓሲቲው ወደ 100 ይመለስና Alt ተይዞ የማስክ ምልክቱ ይጫናል። ማስኩ ጥቁር ስለሚሆን አዲሱ ፊት በሙሉ ይደበቃል። ጠርዙ በለሰለሰ ነጭ ብሩሽ ዐይኑ ላይ ሲቀባ፣ የተገለጠው ዐይን በተቀባበት ልክ ብቅ ይላል። ዐይን ሲገለጥ ቅንድብም በመጠኑ ከፍ ስለሚል ከቅንድብ እስከ ታችኛው ቆብ ድረስ አብሮ መውሰድ ይሻላል። አንድ ዐይን ብቻ መለወጥ ደግሞ አይመከርም፤ ሁለቱ ዐይኖች ወደተለያየ አቅጣጫ የሚያዩ ሊመስሉ ይችላሉ።

ፈገግታ ከዚህ ይከብዳል። ከልብ የሆነ ፈገግታ ጉንጭን ያነሣል፣ የዐይንንም ጥግ ይሸበሽባል። ከንፈርን ብቻ ቆርጦ የለጠፈ ሰው የሚያገኘው የሚስቅ አፍና ያልሳቀ ፊት ነው። ስለዚህ ጭንቅላቱን በሙሉ መውሰድ ይቀላል፤ የነጠላው ወይም የአንገትጌው ጠርዝ መጋጠሚያውን ይደብቃል።

ጭንቅላት በጣም ከዞረ ወይም በአንዱ ፎቶ ላይ ፍላሽ ካልበራ ግን ባይሞከር ይመረጣል። ሥራው ሲያልቅ የብሌኑን ብልጭታ ይመልከቱ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ሆኖ ብልጭታው በቀኝ ከታየ ፎቶው ተጋልጧል።

ስንት ጊዜ ማንሣት ይበቃል? ኒክ ስቬንሰንና ፒየርስ ባርነስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህንን አስልተው በ2006 የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከሃያ ሰው በታች ከሆነ፣ በጥሩ ብርሃን የሰዉን ቁጥር ለሦስት ማካፈል ነው፤ ለአሥራ ሁለት ሰው አራት ፎቶ። ይህ ስሌት ግን ማንም ያልጨፈነበትን አንድ ፎቶ ለማግኘት ነው። ለመዋስ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ በአንዱ ፎቶ ዐይኑን ገልጦ ከተገኘ ይበቃል። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎ «የተበላሹትን» ከመሰረዙ በፊት አስቀምጥልኝ ይበሉት።