እስከ መቼ ነው?

አንድ ወዳጄ በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ይሠራል። የቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ስልኩ እረፍት የለውም። «እስከ መቼ ነው?» «ዲፕሎማ ይቀበላል?» «ማስረጃዬን ሰው ቢያመጣልኝስ?» መልሱ ማስታወቂያው ላይ አለ፤ የተጻፈው ግን እንዲህ ነበር፦

«ድርጅታችን በሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ በአካውንቲንግ ዲግሪ/ዲፕሎማ እና 2/4 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው/ያላት ባለሙያ አወዳድሮ በቋሚነት መቅጠር ስለሚፈልግ፣ መስፈርቱን የምታሟሉ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ በመያዝ በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ እናስታውቃለን።»

ሁሉም ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሃያ ማስታወቂያ የሚያይ ሥራ ፈላጊ ይህን እስከ መጨረሻው አያነብም።

ከሁሉ የከፋው ቀኑ ነው። ማስታወቂያው የወጣው ረቡዕ ጥር 6 ቀን 2018 ነው እንበል። ቅዳሜና እሑድን ዘልሎ፣ ሰኞ ጥር 11 የሚውለውን ጥምቀትንም ትቶ የቆጠረ ጥር 20 ላይ ይደርሳል። ቅዳሜን የሥራ ቀን ያደረገ ጥር 18 ላይ ያበቃል። «ከወጣበት ማግስት ጀምሮ» ብሎ የተረዳ ደግሞ ቅዳሜን ካልቆጠረ ጥር 21 ይመጣና በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ቀጣሪው አንድ ጊዜ ቆጥሮ ቀኑን ቢጽፈው ይህ ሁሉ ሰው ባልቆጠረ። የፈረንጁን ቀን አጠገቡ ማስፈርም ደግ ነው፤ የብዙ ሰው ስልክ በዚያ ነውና።

«2/4» የሚለው ለጻፈው ሰው ግልጽ ነው፤ ለዲግሪ ሁለት፣ ለዲፕሎማ አራት ዓመት ማለት ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ብለው የሚያነቡት ግን ጥቂት አይደሉም። ሦስት ዓመት የሠራ ባለዲፕሎማ ተሰልፎ ውሎ ይመለሳል።

ከወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

ሒሳብ ሠራተኛ፣ 1 ሰው፣ በቋሚነት (ቃሊቲ)
የመጨረሻው ቀን፦ ረቡዕ ጥር 20 ቀን 2018 (ጃንዋሪ 28፣ 2026)፣ እስከ ቀኑ 11፡00 ሰዓት። ቅዳሜ አንመዘግብም።
መመዘኛ፦ በአካውንቲንግ ዲግሪና 2 ዓመት ልምድ፣ ወይም ዲፕሎማና 4 ዓመት ልምድ። ሴትም ወንድም ማመልከት ይችላል።
አመዘጋገብ፦ በአካል ብቻ፣ 2ኛ ፎቅ፣ ሰው ሀብት ክፍል። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ዋናውን አሳይተው ይመልሳሉ፤ ኮፒው እኛ ጋ ይቀራል።
ደመወዝ፦ በስምምነት።

ቀኑን ከመመዘኛው በፊት ያስቀመጥነው ሆን ብለን ነው። ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይነሳ ይሰነብታል፤ አንባቢው ወዲያው አይቶ ይለፈው። ያለው/ያላት የሚለውም ቀረ፤ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተተካ።

የመጨረሻዋን መስመር ግን ልናሻሽላት አልቻልንም። ወዳጄ የደመወዙን መጠን ለመጻፍ አለቃውን አስፈቅዶ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ስለ ቀኑ የሚደውል ሰው ቀንሷል። «ስንት ይከፍላል?» የሚለው ግን አሁንም ይደውላል።