«ተጎጂው ራሱ ቀሰቀሰው» የሚለው ንድፈ ሐሳብ ስለምን ይተቻል?

የኃይል ጥቃት የደረሰበት ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች መካከል «በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»፣ «ለምን አብረሽው ሄድሽ?»፣ «ምን ብለኸው ነው የመታህ?» የሚሉት ይገኙበታል። እነዚህ ጥያቄዎች አንዳንድ ጊዜ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ለማጣራት የሚቀርቡ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ተጎጂው ለደረሰበት ጉዳት ራሱ መልስ ሰጪ እንዲሆን ያደርጋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወንጀል ጥናት ዘርፍ «የተጎጂ ቀስቃሽነት» በተባለው ንድፈ ሐሳብ ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ የተካረረው በአሜሪካዋ የፊላደልፊያ ከተማ በተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ምክንያት በመሆኑ፣ ነገሩን ለመረዳት ከእነርሱ መነሣት ይጠቅማል።

ተጎጂው ለወንጀሉ መፈጸም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል የሚለውን ሐሳብ ሃንስ ፎን ሄንቲግ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶት ነበር። ሐሳቡን በቁጥር ሊለካ በሚችል መልኩ ያስቀመጠው ግን ማርቪን ዎልፍጋንግ የተባለው የወንጀል ጥናት ምሁር ነው። ዎልፍጋንግ ከ1948 እስከ 1952 በፊላደልፊያ የተፈጸሙ 588 ግድያዎችን የፖሊስ መዛግብት መረመረ። አንድን ግድያ «በተጎጂው የተቀሰቀሰ» ብሎ የሚመዘግበው ሟቹ በጠቡ ውስጥ አስቀድሞ መሣሪያ ያወጣና የተጠቀመ፣ ወይም አስቀድሞ እጁን የሰነዘረ ሲሆን ብቻ ነበር። ስድብ፣ ጭቅጭቅ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም የትዳር መተማመን መጓደል በዚህ አልተቆጠረም፤ ቃል ብቻውን ለግድያ በቂ መነሻ አይደለም ከሚለው የሕግ አቋም ጋር የሚስማማ አሠራር ነው። በዚህ መለኪያ 150 ግድያዎች፣ ማለትም 26 በመቶ የሚሆኑት፣ በተጎጂው የተቀሰቀሱ ሆነው ተገኙ።

ይህ መለኪያ በመጀመሪያ መልኩ ለማን ይጠቅም እንደነበር ማየት ተገቢ ነው። በመዛግብቱ ውስጥ በባልና ሚስት መካከል የተፈጸሙ 100 ግድያዎች ነበሩ። በሚስቶቻቸው ከተገደሉት 47 ባሎች መካከል 28ቱ አስቀድመው የመቱ ነበሩ፤ በባሎቻቸው ከተገደሉት 53 ሚስቶች መካከል ግን እንዲህ ያሉት 5 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጽንሰ ሐሳቡ በአመዛኙ ያሳየው ሲደበደቡ ቆይተው በመጨረሻ የገደሉ ሴቶች መኖራቸውን ነው ብሎ መረዳት ይቻላል። በአጭሩ፣ መለኪያው የሚጠይቀው ስለ አንድ የሚታይ ድርጊት ነበር፤ ማን አስቀድሞ መታ?

እርግጥ በዚህም ጥናት ውስጥ ድክመት ነበረ። የሞተ ሰው ቃሉን አይሰጥም፤ ጠቡ እንዴት እንደተጀመረ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ነው፣ እርሱም «እርሱ ነው የጀመረው» ማለት ይጠቅመዋል። በተጨማሪም መለኪያው ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው ከመጨረሻው ጠብ ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲደርስ የቆየ በደል ካለ በቁጥሩ ውስጥ አይታይም።

ከባዱ ትችት የመጣው ግን ሐሳቡ ወደ አስገድዶ መድፈር ወንጀል ሲሻገር ነው። የዎልፍጋንግ ተማሪ የነበረው እስራኤላዊው የወንጀል ጥናት ምሁር መናኸም አሚር በ1958 እና በ1960 በፊላደልፊያ ፖሊስ የተመዘገቡ 646 የመድፈር ጉዳዮችን አጥንቶ ውጤቱን በ1971 በመጽሐፍ አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ 122ቱን፣ ማለትም 19 በመቶውን፣ በተጎጂዋ የተቀሰቀሱ ብሎ መደባቸው። ቁጥሩ ከዎልፍጋንግ ያነሰ በመሆኑ ነገሩ ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል። ችግሩ ያለው ግን ከቁጥሩ ሳይሆን ከትርጓሜው ላይ ነው። በአሚር ትርጓሜ መሠረት ሴቲቱ ተስማምታ ኋላ ሐሳቧን ከለወጠች ብቻ ሳይሆን፣ ተስማምታለች ተብሎ ከታሰበ፣ ለቀረበላት ሐሳብ በበቂ ኃይል ካልተቃወመች፣ ወይም አነጋገሯና አኳኋኗ እንደ ግብዣ ሊወሰድ የሚችል ከሆነ ጉዳዩ በእርሷ የተቀሰቀሰ ይሆናል። መጠጥ መጠጣትና በአካባቢው ያላት ስምም በትንታኔው ውስጥ ከግምት ገብተዋል።

እዚህ ላይ መለኪያው ሙሉ በሙሉ ተለውጧል። በግድያው ጥናት የተቆጠረው ተጎጂው ያደረገው ነገር ነበር፤ በመድፈሩ ጥናት የተቆጠረው አጥፊው ስለ ተጎጂዋ ያሰበው ነገር ነው። «ተስማምታለች ብሎ አሰበ» የሚለው የተከሳሽ መከራከሪያ የጥናት መመደቢያ ሆነ ማለት ነው። በሴቲቱ በኩል ከዎልፍጋንግ «አስቀድሞ መምታት» ጋር ሊነጻጸር የሚችል ምንም ዓይነት ኃይል የለም፤ ቢራ መጠጣት ወይም በመኪና ለመሳፈር መስማማት በማንም ላይ የተሰነዘረ ቡጢ አይደለም። ኩርት ቫይስ እና ሳንድራ ቦርጀስ በ1973 ባወጡት ጽሑፍ የተቹት ይህንኑ አካሄድ ነው፤ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ አንዳንድ ሴቶችን ጥቃት ቢደርስባቸው «የሚገባቸው» ያህል እንዲቆጠሩ ያደርጋል የሚል ነበር መከራከሪያቸው።

ሁለተኛው ትችት ስለ ምክንያትና ውጤት ነው። ለምሳሌ አንዲት ሴት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር እራት በልታ፣ ወደ ቤቷ ሊያደርሳት በመኪናው አሳፍሯት በመንገድ ላይ ጥቃት ፈጸመባት እንበል። የፖሊስ መዝገቡ እራቱን፣ መጠጡንና መሳፈሯን ይይዛል። ተመራማሪው መዝገቡን ሲያነብ እነዚህ ነገሮች ከጥቃቱ በፊት የተከሰቱ ስለሆኑ የጥቃቱ መነሻ መስለው ይታዩታል። ነገር ግን በዚያው ምሽት በዚያችው ከተማ ስንት ሴቶች እራት በልተው፣ በባልደረባቸው መኪና ተሳፍረው በሰላም ቤታቸው ገቡ? እነርሱ ወደ ፖሊስ ስላልሄዱ መዝገብ የላቸውም። የተጠቁትን ብቻ በመቁጠር መሳፈር ጥቃትን ያስከትላል ብሎ መደምደም አይቻልም። የተለየ ሆኖ የሚገኘው ሴቲቱ ያደረገችው ነገር ሳይሆን ሰውየው ያደረገው ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚስበው ደግሞ በራሱ በአሚር ጥናት ውስጥ የሚገኝ ሌላ ቁጥር ነው። ካጠናቸው ጉዳዮች 71 በመቶ የሚሆኑት አስቀድሞ የታቀዱ እንደነበሩ ጥናቱ ያሳያል። አስቀድሞ ቦታና ሁኔታ ያመቻቸን ሰው ተጎጂዋ በአነጋገሯ ወይም በአኳኋኗ አነሣሣችው ማለት እንዴት እንደሚቻል ለማስረዳት ያስቸግራል። ትርጓሜው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ደግሞ በሌላ ጥናት ታይቷል። ሊን ከርቲስ በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች የፖሊስ መዛግብት ላይ ተመሥርቶ በ1974 ባወጣው ትንታኔ ጠበቅ ያለ ትርጓሜ ሲሠራበት፣ በተጎጂዋ ተቀስቅሷል የተባለው የመድፈር ወንጀል ወደ 4 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከ19 ወደ 4 የሚወርድ ቁጥር የሚነግረን ስለ ሴቶቹ ጠባይ ያነሰ፣ ስለ መለኪያው ልል መሆን የበዛ ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ደጋፊዎች ዓላማው ማስረዳት እንጂ መውቀስ እንዳልሆነ ይከራከራሉ። ተጎጂው ምን እንዳደረገ መጠየቅ በራሱ ስሕተት አለመሆኑም እውነት ነው፤ እንዲያውም ሕግ ራሱ በአንዳንድ ጉዳዮች ይጠይቃል። «ቀሰቀሰ» የሚለው ቃል ግን ድርጊቱን የሚያስጀምር ኃይል ከተጎጂው ወጣ ማለት ስለሆነ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያና ወደ ችሎት ሲደርስ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ፍርድ ይሰማል።

በኢትዮጵያ ሕግ ልዩነቱ የተቀመጠበት ቦታ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 መሠረት አስቦ ሰው መግደል ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በከባድ ትንኮሳ ምክንያት በድንገተኛ የስሜት መናወጥ ውስጥ ሆኖ የገደለ ሰው ግን፣ ሁኔታው በተወሰነ ደረጃ ይቅር ሊባል የሚችል ሆኖ ሲገኝ፣ በአንቀጽ 541 መሠረት ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 82 ደግሞ በጠቅላላ ቅጣት ማቅለያዎች ውስጥ ከተበዳዩ አድራጎት ጋር የተያያዙ ሁኔታዎችን ይጠቅሳል። እነዚህ ድንጋጌዎች ተከሳሹን ከጥፋተኝነት ነጻ አያደርጉም፤ የሚመለከቱት የቅጣቱን መጠን ነው። ስለዚህም መኖራቸውን ማስረዳት የሚጠቀምባቸው የተከሳሹ ወገን ነው፤ ተጎጂው አለመኖራቸውን እንዲያረጋግጥ አይጠበቅበትም።

አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 የኃይል ድርጊትን ወይም ከባድ ዛቻን፣ ወይም ሴቲቱን ኅሊናዋን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግን ያነሣል፤ መነሻ ቅጣቱም ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አለባበሷ፣ የመጠጥ ልማዷ፣ ወይም ቀደም ሲል የነበራት ስም ከወንጀሉ ማቋቋሚያ ነጥቦች መካከል አይገኙም።

ይህ ሁሉ ቃል ለሚሰጥ ሰው ተግባራዊ ትርጉም አለው። ብዙ ተጎጂዎች ወቀሳን በመፍራት መጠጣታቸውን፣ አብረው መሄዳቸውን ወይም አስቀድሞ መተዋወቃቸውን ይደብቃሉ። እነዚህ ነገሮች ወንጀሉን አያስቀሩም፤ ተደብቀው ኋላ በምስክር ወይም በስልክ መልእክት ሲገለጡ ግን የተከሳሽ ጠበቃ ቃሉን በሙሉ ለማስተባበል ይጠቀምባቸዋል። ስለሆነም የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሶ ከመጀመሪያው መናገር ይመረጣል። ቃል ተቀባዩ «ከዚያ በፊት ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ሁኔታውን ለማጣራት ነው። «ለምን ሄድሽ?» በሚል ጥያቄ ተጎጂዋ ራሷን እንድትከላከል ሲደረግ ግን፣ ጥያቄው ከጉዳዩ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲብራራላት ልትጠይቅ ትችላለች። ቃሏ ከተጻፈ በኋላም እንዲነበብላት፣ ያልተናገረችው «ፈቅጄ» ወይም «ተስማምቼ» የሚል ቃል ገብቶ ከሆነ ከመፈረሟ በፊት እንዲታረም መጠየቅ ይኖርባታል።