የቡናው ሒሳብ ተከፍሏል? ሮም ላይ ለባለሱቆች ያሳየሁት የስልክ ክፍያ

ሮም ውስጥ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ወደ ፒያሳ ቪቶሪዮ ስትሄዱ በየመንገዱ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የሚሸጡ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቡና የሚያፈሉ የሐበሻ ሱቆች ታገኛላችሁ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከእነዚህ ሱቆች የአንዱ ባለቤት ሰባት ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ስለ ሳቲስፔይ እንዳስረዳቸው ጠየቀኝ። ደንበኞቻቸው ዘወትር «በሳቲስፔይ ልክፈል?» እያሉ ይጠይቋቸዋል፤ እነሱ ግን መተግበሪያውን ስልካቸው ላይ ለመጫን እንኳ ፈርተዋል።

ሳቲስፔይን የማታውቁት ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ኢጣሊያ የተቋቋመ የስልክ መክፈያ ነው። ካርድ አይፈልግም። ደንበኛው መተግበሪያውን ከባንክ ሒሳቡ ጋር ያገናኝና ለሳምንት የሚበቃውን ገንዘብ ይወስናል፤ መተግበሪያው በየሳምንቱ የጎደለውን ከባንክ ይሞላለታል። ባለሱቁ ደግሞ በንግድ ግብር ቁጥሩና በባንክ ሒሳቡ ተመዝግቦ ለነጋዴ የተዘጋጀውን መተግበሪያ በራሱ ስልክ ይከፍታል።

ብዙ ገጽ ከማሳየት ይልቅ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ቀረብኩ፦ በ1 ዩሮ ከ30 ሳንቲም የሚሸጥ አንድ ስኒ ቡና። ሁሉም በየቀኑ የሚሸጠው ወይም የሚጠጣው ነው፤ ደግሞም ትንሽ ሒሳብ ላይ ያልተሳሳተ ትልቁ ላይም አይሳሳትም።

አንዱን ወጣት ደንበኛ አደረግሁት። ስልኩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሱቁን ኪውአር ኮድ አነበበ፣ 1.30 ብሎ ጻፈ፣ ላከ። እዚህ ላይ ሆን ብዬ አስቆምኩትና «ቡናው ተከፍሏል?» ብዬ ጠየቅሁ። የደንበኛው ስልክ ላይ የሱቁም ስም ገንዘቡም ስለሚታይ አብዛኞቹ «ተከፍሏል» አሉ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ እሱ ጋ ያለውን እኔ ምን አገባኝ? እኔ ጋ ምን መጣ?» አሉኝ። «እትዬ፣ የዛሬው ትምህርት እሱ ነው» አልኳቸው።

የባለሱቁ ስልክ ሲጮህ የደንበኛው ስምና 1.30 የሚል መልእክት ይመጣል። ባለሱቁ ገንዘቡ ልክ መሆኑን አይቶ ይቀበላል፤ ክፍያው አለቀ የሚባለው ያኔ ነው። አገር ቤት በቴሌብር የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቀዋል። የደንበኛው ስልክ ላይ የሚታይ ፎቶ ወይም መልእክት በሐሰት ሊዘጋጅ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ነጋዴ የሚያምነው በራሱ ስልክ የደረሰውን ማረጋገጫ ነው። ሮምም ላይ ደንቡ ያው ነው።

ይህን እየተናገርኩ ሳለ አንዱ ባለሱቅ «የእኔ ሱቅ ምድር ቤት ነው፤ ኔትወርክ ይጠፋል» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሱቁ ስልክ ኢንተርኔት ከሌለው የተላከው ክፍያ አይታየውም፤ ደንበኛው ግን ልኬያለሁ ይላል። ያኔ የሚፈጸመው ስህተት «እንደገና ላክ» ማለት ነው፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ለአንድ ቡና ሁለት ክፍያ ሊገኝ ይችላል። መጀመሪያ ስልኩን ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኙ፣ ከዚያ የክፍያ ዝርዝሩን ተመልከቱ፣ በዝርዝሩ ላይ ከሌለ ብቻ ድጋሚ ጠይቁ።

ቀጥሎ የመጣው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። በስልክ መከፈሉ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽኑን ደረሰኝ አያስቀርም። ደረሰኙን ስትቆርጡ ማሽኑ እንዴት እንደተከፈለ ይጠይቃል፦ `Contanti` ጥሬ ገንዘብ ነው፣ `Pagamento elettronico` የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ነው። ለሳቲስፔይ መነካት ያለበት ሁለተኛው ነው።

ቁልፉ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በወረቀት ላይ ሠራነው። በቀን 40 ቡና ተሸጠ እንበል፤ 28ቱ በጥሬ ገንዘብ፣ 12ቱ በስልክ። ጥሬው 36.40፣ የስልኩ 15.60፣ ድምሩ 52 ዩሮ ይሆናል። አሁን ከ12ቱ አንዱ በስህተት `Contanti` ተብሎ ተመዘገበ። ማታ ማሽኑ ጥሬ ገንዘብ 37.70፣ ኤሌክትሮኒክ 14.30 ይላል። መሳቢያው 1.30 ይጎድላል፤ መተግበሪያው ደግሞ ማሽኑ ካለው 1.30 ይበልጣል። ጉድለቱና ትርፉ እኩል ከሆኑ ሌባ አትፈልጉ፤ የተሳሳተው ቁልፍ ነው። መሳቢያው ጎድሎ መተግበሪያው ከማሽኑ ጋር እኩል ከሆነ ግን ከመሳቢያው በእውነት የወጣ ገንዘብ አለ ወይም መልስ ተሳስቷል። መሳቢያው ልክ ሆኖ መተግበሪያው ብቻ ከበለጠ ደግሞ ክፍያ ተቀብላችሁ ደረሰኝ ሳትቆርጡ ቀርታችኋል ማለት ነው።

ይህ የማታ ሒሳብ ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ምክንያት አለ። ኢጣሊያ ለ2025 ባወጣችው የበጀት ሕግ መሠረት ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ መቀበያዎች ከገንዘብ መመዝገቢያው ጋር እንዲተሳሰሩ ታዟል። ስለዚህ በስልክና በካርድ የተቀበላችሁት በደረሰኝ ካሳያችሁት ጋር ካልተመጣጠነ የግብር መሥሪያ ቤቱ ልዩነቱን ማየት ይችላል።

«ስንት ይቆርጡብናል?» የሚለው ጥያቄ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሳቲስፔይ ትንንሽ ሱቆች የገባው እስከ 10 ዩሮ ላለ ክፍያ ከነጋዴው ምንም ሳይቆርጥ፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሳንቲም ብቻ እየወሰደ ነበር፤ በኋላ ግን ታሪፉ ተቀይሯል። ስለዚህ ውላችሁን ስታነቡ ቡናውን ይዛችሁ አንብቡ። የካርድ ማሽን ለምሳሌ በእያንዳንዱ ክፍያ ቋሚ 10 ሳንቲም ቢወስድ ከ1.30 ላይ ወደ 8 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ ከ30 ዩሮ የእንጀራና የበርበሬ ሽያጭ ላይ ግን ያው 10 ሳንቲም አይሰማም። ቋሚ ሳንቲም ትንሽ ሽያጭን ይጎዳል፣ በመቶ የሚሰላ ደግሞ ትልቁን። የእናንተ ሱቅ የሚኖረው በየትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንዱ «እንግዲያው የካርድ ማሽኑን ልመልሰው» አለ። አይሆንም። ሕጉ ነጋዴ የካርድ ክፍያ እንዲቀበል በስም ያዛል፤ ከሰኔ 30 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንቢ ያለ 30 ዩሮና የሽያጩን 4 በመቶ ይቀጣል። የ50 ዩሮ ሽያጭ ላይ እንቢ ማለት 32 ዩሮ ያስከፍላል። መተግበሪያው ከካርድ ማሽኑ ጎን የሚቀመጥ እንጂ የሚተካው አይደለም።

የሱቆቹ ስልክ በጣሊያንኛ ስለሆነ በካርቶን ላይ በአማርኛ ሦስት መስመር ጽፌ ሰጠኋቸው፦ «በራስህ ስልክ እይና ተቀበል። ደረሰኙን ኤሌክትሮኒክ ብለህ ቁረጥ። ማታ ሦስቱን አስተያይ፦ መሳቢያ፣ ማሽን፣ መተግበሪያ።»

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ እኚያ እናት ካርቶኑን ከቡና ማሽኑ በላይ ለጥፈውታል። ቡና አዘዝኩ፣ ከስልኬ 1.30 ላክሁና ስኒውን ለማንሳት እጄን ዘረጋሁ። «ቆይ እንጂ ልጄ» አሉና መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ስልክ አዩ። ከዚያ ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።