ለትንሽ ሱቅ የትኛው ካሜራ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ የደህንነት ካሜራ የጠየቀ ሰው ፊት የሚደረደሩት ካርቶኖች ብዙ ናቸው፦ ሂክቪዥን፣ ዳሁዋ፣ ኢዝቪዝ፣ ኢሙ፣ ታፖ። ምርጫው ግን የስሞቹን ብዛት ያህል ሰፊ አይደለም። ኢዝቪዝ ከሂክቪዥን የወጣ ነው፤ ኢሙም ከዳሁዋ። ታፖን የሚሠራው ደግሞ በዋይፋይ ራውተሮቹ የሚታወቀው ቲፒ ሊንክ ነው። ሂክቪዥንና ዳሁዋ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት በገመድ ተገናኝተው፣ ዲቪአር በሚባለው መቅጃ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲቀዱ ነው። ሦስቱ ደግሞ በብዛት በዋይፋይ ይሠራሉ፤ የሚቀዱትም ካሜራው ውስጥ በሚገባ ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ በቅድሚያ የሚወስነው ከሁለቱ አሠራሮች የቱ እንደሚስማማው ነው። ለምሳሌ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 7 ሜትር የሆነ የኮስሞቲክስ ሱቅ ይታሰብ። አንድ ካሜራ በሩን፣ አንዱ ገንዘብ የሚቀበሉበትን ባንኮኒ፣ ሦስተኛው ከጀርባ ያለውን መጋዘን ያያል። ዕቃ የሚቆጠረው በወር አንዴ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር የማከማቻውን መጠን ይወስናል። ማታ በር ተሰብሮ ከተገባ ጠዋት ይታወቃል። አንድ ካርቶን ሽቶ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከወጣ ግን ጉድለቱ የሚታየው በቆጠራ ቀን ነው፤ ያኔ ቀረጻው ተደምስሶ ከሆነ ካሜራው እንደሌለ ይቆጠራል። መቅጃዎች ሁሉ ቦታ ሲያልቅባቸው የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነው፤ ከአሮጌው ጀምረው ይደመስሳሉ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ባለ 1080 ጥራት ካሜራ በተለመደው የH.264 አቀዳድ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል። ይህ በቀን ወደ 22 ጊጋባይት ይመጣል። ሦስት ካሜራ 65 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ ከዲቪአሩ ጋር የሚሸጠው የ1 ቴራባይት ዲስክ የሚይዘው የ15 ቀን ቀረጻ ብቻ ነው። በወር አንዴ ለሚቆጥር ሱቅ ይህ የግማሽ ወር ጉድለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ 2 ቴራባይት መግዛት፣ ወይም ቦታውን ወደ ግማሽ የሚያወርደውን H.265 የሚችል መቅጃ መምረጥና ሲገጠም ቅንብሩ መብራቱን ማረጋገጥ። ዲስኩም ለካሜራ ተብሎ የተሠራ፣ እንደ ደብሊውዲ ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ የተራ ኮምፒውተር ዲስክ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ለመጻፍ አልተሠራም።

የሜሞሪ ካርዱ መንገድ ርካሽ ነው። የ128 ጊጋባይት ካርድ በዚያው ስሌት 6 ቀን ገደማ ይይዛል፤ በH.265 ወደ 12 ቀን ይደርሳል። ዋናው ድክመቱ ሌላ ነው፤ ካሜራውን ነቅሎ የሄደ ሌባ ማስረጃውንም ይዞ ሄደ ማለት ነው። ዲቪአሩ ግን መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ወደ ሌሊት ዕይታ ሲመጣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታየው «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ነው። ይህ ቁጥር የኢንፍራሬድ መብራቱ የሚደርስበትን ርቀት እንጂ የሰው ፊት የሚለይበትን አይናገርም። ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ነገር ግን በ1080 ጥራት የማያውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት የሚያስችል ምስል የሚሰጠው እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 4 ሚሊሜትሩ ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ ወደ 4.5 ሜትር ያደርሰዋል። ለዚህ ሱቅ በሩ ላይ 4 ሚሊሜትር፣ ባንኮኒው ላይ 2.8 ይበቃል። በሩን የሚያየው ካሜራ ጣሪያ ጥግ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ የሚቀርጸው ኮፍያ ነው፤ ከወለሉ 2.5 ሜትር አካባቢ ሲሆን ፊት ይገኛል።

ሻጭ የሚያሳየው የሌሊት ምስል ብዙ ጊዜ የቆመ ዕቃ ነው። ገዢው መብራት አስጠፍቶ አንድ ሰው ካሜራው ፊት በፍጥነት እንዲያልፍ ይጠይቅ። ደካማ ካሜራ ጨለማ ሲሆን እያንዳንዱን ምስል ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን እየሰበሰበ ስለሚያነሳ፣ መደርደሪያው ጥርት ብሎ ይታይና የሚራመደው ሰው ፊት ተልጎ ይቀራል። ሂክቪዥን ከለርቩ የሚላቸውና የዳሁዋ ፉል ከለር ካሜራዎች ሌንሳቸው ብዙ ብርሃን ስለሚያስገባ በሌሊትም ባለ ቀለም ምስል ይሰጣሉ፤ ድቅድቅ ጨለማ ከሆነ ግን ነጭ መብራታቸውን ያበራሉ። የልብስን ቀለም ማወቅ ለሚፈልግ ዋጋቸው ይገባዋል። ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ወደ ውጭ የሚያይ ካሜራ ግን የየትኛውም ብራንድ ቢሆን ሌሊት አይሠራም፤ የራሱ ኢንፍራሬድ ከመስታወቱ ተመልሶ ያሳውረዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሩቅ ሆኖ በስልክ ማየት ነው። ሂክቪዥን በHik-Connect፣ ዳሁዋ በDMSS፣ ታፖ በራሱ አፕ ይህን ያደርጋሉ፤ በሂክቪዥንና በዳሁዋ መሣሪያው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን በማድረግ መመዝገብ ይቻላል። ዳታ ለሚቆጥብ ባለሱቅ በዝቅተኛው ጥራት፣ በሰከንድ ግማሽ ሜጋቢት ማየት በሰዓት 225 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በሙሉ ጥራት ከሆነ አራት እጥፍ።

እዚህ ላይ የሚበዛው ችግር የባለቤትነት ነው። ገጣሚው ባለሙያ ለመፍጠን ሲል መሣሪያውን በራሱ ስልክ ይመዘግበዋል። በHik-Connect አንድ መሣሪያ የሚመዘገበው በአንድ ባለቤት ስም ስለሆነ፣ ባለሱቁ ሱቁን የሚያየው ባለሙያው እስካጋራው ድረስ ብቻ ይሆናል። ምዝገባው በባለሱቁ ስልክ ተደርጎ ለሌላው ቢጋራ ይሻላል። የይለፍ ቃሉም ገጣሚው ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጠው ዓይነት መሆን የለበትም፤ በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ካሜራዎችን የያዘው በፋብሪካ የይለፍ ቃል በመግባት ነበር። ታዋቂ ብራንድም ክፍተት አያጣም፤ በ2021 በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ። ስም የለሽ ካሜራ የገዛ ሰው ግን ማስተካከያውን ከማን ይጠብቃል?

መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ሦስቱ ካሜራ፣ መቅጃውና ራውተሩ በአንድ ላይ ከ40 ዋት ብዙም ስለማይበልጡ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ ለአንድ ሰዓት ገደማ ይይዛቸዋል። ሰዓቱም ይታይ። ብዙ መቅጃዎች በቤጂንግ ሰዓት ተቀናብረው ስለሚመጡ ከኢትዮጵያ 5 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተፈጸመው ስርቆት ስክሪኑ ላይ 07:00 ተብሎ ይነበባል።

እንግዲህ ለተባለው የኮስሞቲክስ ሱቅ የሂክቪዥን ወይም የዳሁዋ ባለ 4 መስመር ዲቪአር ከ2 ቴራባይት ዲስክ ጋር ይስማማዋል፤ በሁለቱ መካከል የሚለየው ዋጋና ቅርብ ያለ ጠጋኝ ነው። አንድ በር ብቻ ላላት ኪዮስክ ደግሞ አንድ ታፖ ወይም ኢዝቪዝ ይበቃል። ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ገጣሚው ያለፈውን ሌሊት አምስት ደቂቃ በፍላሽ ገልብጦ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያጫውት። ከዳሁዋ ሲገለበጥ MP4 ካልተመረጠ ፋይሉ በDAV ይወጣና በተራ ማጫወቻ ላይከፈት ይችላል፤ ይህን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከማወቅ እዚያው ሱቁ ውስጥ ማወቅ ይቀላል።