ከ38 አስተያየት የትኛው ይቀድማል?

ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የጻፍኩትን ረቂቅ ለሦስት ሰዎች ሰጥቼ ነበር። አንዱ በመጽሔት ሥራ ረጅም ዓመት ያሳለፉ አርታኢ ናቸው። ሁለተኛው አማርኛ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ናቸው፤ መጻፍ ሥራቸው አይደለም፣ ንባብ ግን ይወዳሉ። ከሦስቱም የመጣውን ስቆጥር 38 አስተያየት ሆነ።

ያን ዕለት ማታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ጓደኛዬ በቀይ እስክሪብቶ «ሀይል» የሚለውን «ኃይል»፣ «ሰራ» የሚለውን «ሠራ» አድርጎልኛል። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበትን አሳይቶኛል፤ «በጣም» የሚለው ቃል በአንድ አንቀጽ አራት ጊዜ መመላለሱንም ጽፎልኛል። እያንዳንዱን አስተካክዬ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። በሁለት ምሽት የመጀመሪያዎቹ አምስት አንቀጾች ጠሩ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴን ወረቀት ሳነብ ግን እነዚያ አምስት አንቀጾች ጨርሶ መኖር እንደሌለባቸው ገባኝ።

ጎረቤቴ የጻፉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ የሸማኔው ልጅ ሽመናውን ለምን ተወው? እሱን እስካገኝ ድረስ ብዙ ጠበቅኩ።»

አስተያየት የሚሰጥ ሰው ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ፣ ያገኘውንም የሚመዘግበው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። የፊደል ግድፈቱና የጽሑፉ ዋና ስንጥቅ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ መጠን ተጽፈው ይቀመጣሉ። ክብደታቸውን የመለየቱ ሥራ የጸሐፊው ነው። ያ ሥራ ካልተሠራ እጅ ወደ ቀላሉ ይሄዳል። ፊደል ማረም ጥርጥር የለበትም፣ ወዲያው ያልቃል፣ የቀሩት አስተያየቶችም ሲቀንሱ ይታያል። «ይህ ክፍል ለምን አስፈለገ?» የሚለው ጥያቄ ግን ለቀናት ያስቀምጣል።

ከጊዜው በላይ የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ። ሁለት ምሽት የደከምንበትን አንቀጽ መሰረዝ ያቅተናል። ሐረጉ ተስተካክሏል፣ ድምፁ አምሯል፤ ስለዚህ ቦታው ባይሆንም ለመቆየቱ ምክንያት እንፈልግለታለን። ያለጊዜው የመጣ ጥራት ስህተቱን ያጸናዋል።

በሦስተኛው ቀን ረቂቁን ዘግቼ አስተያየቶቹን ብቻ በሌላ ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፦ ይህን ብቀበል ከጽሑፉ ምን ያህሉ ይነካል? አንድ ቃል ወይም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚነኩት 27 ሆኑ። አንድ አንቀጽን የሚነኩ፣ ማለትም «እዚህ ምሳሌ ይጨመር»፣ «ይህ ሐሳብ ተደግሟል» የሚሉ 8 ነበሩ። ጽሑፉን በሙሉ የሚያንቀሳቅሱት 3 ብቻ ናቸው።

ከሦስቱ አንዱ የጎረቤቴ ነው። ሁለቱ የአርታኢው ናቸው። አንደኛው «አንቀጽ 9 ላይ አባትየው ትዕዛዝ አልጠፋም ይላሉ፤ አንቀጽ 14 ላይ አንተ ገበያ ጠፋ ትላለህ። የቱ ነው?» ይላል። ሁለተኛው «ክሩን የምታቀርበውና ልብሱን የምትረከበው ነጋዴ የት አለች? ድምጿን አልሰማሁም» የሚል ነው።

እነዚህን ሦስቱን ለመመለስ የረቂቁን አጽም ማየት ነበረብኝ። ለየአንቀጹ አንድ መስመር ብቻ እየሰጠሁ፣ አንቀጹ ምን እንደሚሠራ ጻፍኩ። መጻፍ የፈለግሁትን ሳይሆን ገጹ ላይ ያለውን መጻፌ ዋናው ነገር ነው። እንዲህ ሆነ፦ ከ1 እስከ 5 የሽመና ታሪክ፣ 6 ገበያው፣ 7 የሽመና ዕቃው፣ 8 የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን መውሰዱ፣ 9 አባትየው ለበዓል የሚመጣላቸው ትዕዛዝ፣ 10 የክር ዋጋ፣ 11 እና 12 ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ 13 የበዓል ገበያ ድጋሚ፣ 14 ማጠቃለያ።

14 መስመር ላይ የተጻፈ ነገር አይደበቅም። አንባቢው የሚፈልገው ሰው የሚመጣው 11ኛው ላይ ነው። የበዓል ገበያ ሁለት ቦታ ተጽፏል። 8 እና 9 ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ። ሦስቱም አስተያየቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነበር፤ ልጁ ለምን እንደተወ እኔ ራሴ በትክክል አላውቅም ነበር። ስላላወቅሁ በታሪክ ጀመርኩ፣ ስላላወቅሁ የተለመደውን መልስ መጨረሻው ላይ ለጠፍኩ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ከትልልቆቹም የሚቀድመው አዲስ መረጃ የሚጠይቀው ነው። ቀን የሚፈጅ እሱ ነው፤ የሚገኘውም መልስ ሌላውን ሁሉ ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ አንድም ዐረፍተ ነገር ሳልነካ ተመልሼ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ነጋዴዋ ክሩን ለሸማኔው በዱቤ እንደምትሰጥ፣ ልብሱን ስትረከብ ዕዳውን እንደምትቀንስ ነገረችኝ። ክር በተወደደ ቁጥር ከበዓል ትዕዛዝ ለሸማኔው የሚተርፈው ያንሳል። ልጁን መልሼ ስጠይቀው «ትዕዛዝ ሞልቷል፤ የአባቴን ዕዳ መውረስ ነው ያልፈለግሁት» አለኝ። አባትየው ልክ ነበሩ፣ የእኔ ማጠቃለያ ስህተት ነበር። ያንን ማጠቃለያ በጥሩ አማርኛ ባሳምረው ኖሮ ስህተቱን ይበልጥ አሳማኝ አደርገው ነበር።

አዲሱ ረቂቅ ባጃጁ ላይ ከተቀመጠው ልጅ ጀመረ። ከዚያ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ነጋዴዋ ሄደ። የአምስት አንቀጽ ታሪክ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሆኖ የሽመና ዕቃው ከተገለጸበት አጠገብ ገባ። 14 የነበረው 10 አንቀጽ ሆነ።

አስተያየቶች ሲጋጩም የሚዳኘው ይኸው ዋና ጥያቄ ነው። ጓደኛዬ «ታሪኩ ይስፋ» ብሎኝ ነበር፤ ጎረቤቴ ደግሞ ታሪኩ ላይ ደክሟቸዋል። ማን የበለጠ ያውቃል ብዬ ብነሳ መልስ አላገኝም። ጽሑፉ የሚጠይቀው ልጁ ለምን ተወ የሚለውን ከሆነ ግን የታሪኩ መስፋት አያግዘውም። የጓደኛዬ ሐሳብ ለሌላ ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ለዚህኛው አይሆንም።

ትንሽ የሚመስል አስተያየት ትልቅ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ጓደኛዬ አንቀጽ 8 ላይ «ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ለሁለት ይከፈል» ብሎኝ ነበር። እኔም ከ27ቱ መደብኩት። በኋላ ሳየው የረዘመው ገበያ ጠፍቷልና አልጠፋም የሚሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ለማስታረቅ ሲሞክር ነው። ቅራኔው ሲፈታ ዐረፍተ ነገሩ በራሱ አጠረ። አንባቢ የተሰናከለበትን ቦታ ሲያሳይ ማመን ይገባል፤ የሚያዝልን መድኃኒት ግን መመርመር አለበት። በተለይ ሁለት ሦስት አንባቢ አንድ ቦታ ላይ የተለያየ ነገር ከጻፈ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቃሉ በታች ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ሶመርስ በ1980 ባሳተመችው ጥናት የ20 ተማሪዎችንና የ20 ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎችን አከላለስ አነጻጽራለች። ተማሪዎቹ ክለሳን በዋናነት ቃል መቀየርና ድግግሞሽ ማጥፋት አድርገው ሲያዩት፣ ልምድ ያላቸው የሐሳባቸውን ቅርጽ ስለመፈለግና ስለ አንባቢው ይናገሩ ነበር።

የተደከመበት ዐረፍተ ነገር ይጠፋብኛል ብሎ ለሚሰጋ ደግሞ የሃርፐር ሊ ታሪክ አለ። በ1957 ለአሳታሚ ያቀረበችው ረቂቅ ከኒው ዮርክ ወደ ትውልድ ከተማዋ ስለምትመለስ የ26 ዓመት ሴት ነበር። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ ሴትየዋ ልጅነቷን በምታስታውስባቸው ክፍሎች ውስጥ የተሻለ መጽሐፍ አየች። ሊ ታሪኩን ወደ ልጅነት ዘመን፣ ወደ ሕፃኗ ዓይን አዛወረችው፤ ሥራው ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ። «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በ1960 ታተመ፣ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። የቀደመው ረቂቅ «ጎ ሴት ኤ ዎችማን» ተብሎ በ2015 ሲወጣ፣ ስለ ከተማዋ የሚተርኩ አንዳንድ ምንባቦች በሁለቱም መጻሕፍት ከሞላ ጎደል በአንድ ቃል ተገኝተዋል። መዋቅሩ ሲፈርስ ደህናው ዐረፍተ ነገር አብሮ አልጠፋም፤ በአዲሱ ውስጥ ቦታ አገኘ። ስለዚህ እኔም የቆረጥኩትን ሁሉ በሌላ ፋይል አስቀምጣለሁ።

ይህ ቅደም ተከተል የማይሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ። የስም፣ የቀንና የገንዘብ መጠን ስህተት አጭር ቢሆንም እንደ ፊደል ግድፈት ወደ መጨረሻ አይገፋም፤ ክርክሩ የቆመበት ቁጥር ከተሳሳተ አብሮ ይወድቃል። ጽሑፉ ነገ ጠዋት የሚደርስ ከሆነ ደግሞ እንደገና የመጻፍ ጊዜ የለም። ያኔ ከትልልቆቹ መካከል በመቁረጥና በማዛወር ብቻ የሚፈጸመውን መምረጥ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ አምስቱን አንቀጾች ቆርጬ፣ ልጁን ወደ መግቢያው አምጥቼ፣ የማላውቀውን ማጠቃለያ እሰርዘው ነበር።

አዲሱን ረቂቅ ከሌሎቹ በፊት ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። የጠየቅኳቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ ለምን ተወ? የት ላይ ደከመዎት? የመጀመሪያውን ወረቀቱን ሳያዩ መለሱልኝ። በሁለተኛው ላይ አንድ ቦታ ጠቆሙኝ፣ አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ነው የአንቀጽ ደረጃ አስተያየቶችን የከፈትኩት። ከ8ቱ ሦስቱ የተቆረጠው ታሪክ ላይ የተጻፉ ነበሩ፤ አምስቱን ሠራሁ።

በመጨረሻ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ተመለስኩ። ከ27ቱ 16ቱ በእነዚያ አምስት አንቀጾች ውስጥ ስለነበሩ አብረው ሄደዋል፤ የረዘመው ዐረፍተ ነገርም በራሱ ተፈቷል። የቀሩኝ 10 ነበሩ። ጽሑፉን ጮክ ብዬ እያነበብኩ አንድ በአንድ አረምኳቸው፣ አንድ ሰዓትም አልሞላም። «ኃይል» የሚለው ቃል ግን በጽሑፉ ውስጥ የትም አልነበረም።