ሰባ ፊደል ውስጥ የሚገባ ሰላምታ

የሰፈር ውሃ ኮሚቴ ነዋሪው ብልሽት የሚያሳውቅበት የአጭር መልእክት መስመር ሊከፍት ነው እንበል። መጀመሪያ የሚደክመው የእንኳን ደህና መጡ ጽሑፉ ላይ ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ይላካል፤ ሂሳቡም በየቁራጩ ነው። በላቲን ጽሑፍ መሃል አንዲት «ሰ» ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ብዙ ስልኮች ቁጥሩን እየጻፉ ሳለ ያሳያሉ።

ስለዚህ «ክቡራን ደንበኞቻችን» እያሉ መንዛዛት አያዋጣም። ይህ ይበቃል፦

«ሰላም! ምን ችግር ገጠመዎ? የት ሰፈር? ከመቼ ጀምሮ? በአንድ መልእክት ይጻፉልን።»

ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 52 ነው። በቀረው ላይ የኮሚቴውን ስም መጨመር ይቻላል፤ ማን እንደላከው ያልታወቀ ጽሑፍ የአጭበርባሪ ይመስላል።

ጥያቄ የሌለው ሰላምታ «ውሃ የለም» የሚል መልስ ያመጣል። ኮሚቴው መልሶ ይጠይቃል፣ ነዋሪው ይጠብቃል፣ ቀኑ ይመሻል። ከላይ ያለው ግን «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ቦኖ ከሰኞ ጀምሮ ደርቋል» ሊያስብል ይችላል። ሠራተኛው ወዴት እንደሚሄድ አወቀ ማለት ነው። «አድራሻ» ብሎ መጠየቅ እምብዛም አይረዳም፤ ብዙ ሰው ቦታ የሚናገረው በቤት ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ምልክት ነው።

ጽሑፉን ከማሰራጨታችሁ በፊት ላላዩት ጥቂት ጎረቤቶች ላኩና የሚመልሱትን አንብቡ።