«አሳምረው» የማይፈታው ችግር

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ልብ ወለድ ሲደነዝዝ ብዙ ጸሐፊ «አሳምረው» ብሎ ያዛል። ፕሮግራሙም ቅጽል ይደራርባል፤ ታሪኩ ግን እንደተኛ ይቀራል።

አንድ ረቂቅ እንይ፦ «አልማዝ ሱቋን ከፈተች። ዕቃዋን ደረደረች። ብሯን ቆጠረች። በጣም ተጨነቀች።» ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጉድለቱ ይሰማል፤ አራቱም አጫጭር ናቸው፣ ሁሉም በ«ች» ያልቃሉ። ለምን እንደተጨነቀችም አይታወቅም።

የሚረዳው አስተያየት ቦታውን ይጠቁማል፦ «የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በአንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር አያይዛቸው። ‹በጣም ተጨነቀች› ይውጣ፤ እስከ ማታ ኪራይ ካልከፈለች ሱቁ እንደሚታሸግና 400 ብር እንደጎደላት ስትቆጥር ይታይ። ተራኪው እንደ መርካቶ ነጋዴ ይናገር፤ የጋዜጣ ቃል አይግባ። ታሪኩ በጠዋት መጀመሩን አትለውጥ።» የመጨረሻዋ ትእዛዝ ትንሽ ትመስላለች፤ ካልተጻፈች ግን ደህናውም ክፍል አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ፕሮግራሙ የሚጽፈው ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ ተከትሎ ስለሆነ፣ ደንዛዛው ረቂቅ እዚያው ከቆየ ያው ምት ይመለሳል። ስለዚህ ጸሐፊው ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር በራሱ እጅ አስተካክሎ፣ አሮጌውን አጥፍቶ፣ ከዚያ ቢያስቀጥለው ይሻላል። በተለይ የተራኪን አነጋገር ከረጅም መመሪያ ይልቅ በዚያው አነጋገር የተጻፈ አንድ አንቀጽ በደንብ ያሳያል።